ዳገቱ ወዴት ይበረታል?

ተራራ ጎን ላይ የቆመ ሰው ዙሪያውን ቆጥሮ የማይጨርሰው አቅጣጫ አለው። ባንዱ ቢራመድ ይወጣል፣ በሌላው ቢራመድ ይወርዳል፣ በመካከል ደግሞ ሳይወጣና ሳይወርድ አግድም የሚያስኬድ አለ። የሁሉንም ዳገት ለማወቅ በሁሉም አቅጣጫ እየሄዱ መለካት የግድ ይመስላል። ካልኩለስ ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ያስለካል፤ አንዴ ወደ ምሥራቅ፣ አንዴ ወደ ሰሜን። የቀረው አቅጣጫ ሁሉ ዳገቱ ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ይወጣል፤ ዳገቱ ከሁሉ የሚበረታው ወዴት እንደሆነና ምን ያህል እንደሚበረታም ከነሱ ይነበባል። ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ የያዘው ቀስት ግራዲየንት ይባላል። በአንድ በተመረጠ አቅጣጫ የሚገኘው ዳገት ደግሞ የአቅጣጫ ዴሪቫቲቭ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህን በአንድ መስመር ቀመር ይሸመድደዋል፣ ለፈተና ይጠቀምበታል፣ ከፈተና ሲወጣ ይረሳዋል። ያሳዝናል፤ እንደ ጥሩ ጥለት ነውና ፊቱን አይቶ ማለፍ አይበቃም፣ ገልብጦ ክሩ የት እንደተቋጠረ ማየት ያሻል።

አንድ ኮረብታ እናስብ። አናቱ ከባሕር ወለል 2600 ሜትር ከፍ ይላል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተጋደመ ነው፤ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ግን ቶሎ ይወርዳል። ከአናቱ ተነስተን ወደ ምሥራቅ የሚለካውን ርቀት x፣ ወደ ሰሜን የሚለካውን y ብንለው፣ ሁሉም በሜትር ሆኖ ከፍታው ይህ ነው፦

h = 2600 − x²/1000 − y²/500

የቆምነው ከአናቱ 150 ሜትር ወደ ምዕራብ፣ 100 ሜትር ወደ ደቡብ ገባ ብለን ነው። ከፍታችን 2600 − 22.5 − 20፣ ማለትም 2557.5 ሜትር ይሆናል።

የመጀመሪያው ልኬት ወደ ምሥራቅ ነው። በዚያ አቅጣጫ 30 ሜትር ርቆ ያለው ነጥብ ከፍታው 2565.6 ነው፤ በ30 ሜትር 8.1 ሜትር ወጣን፣ በአንድ ሜትር 27 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ከኋላችን፣ ወደ ምዕራብ 30 ሜትር ላይ ያለው ደግሞ 2547.6 ነው፤ ከዚያ እኛ ዘንድ ለመድረስ 9.9 ሜትር፣ በሜትር 33 ሳንቲ ሜትር መውጣት ይጠይቃል። ኮረብታው ወደ አናቱ እየለዘበ ስለሚሄድ ሁለቱ አይገጥሙም፤ የፊተኛው ያሳንሳል፣ የኋለኛው ያበዛል። ታዲያ የቆምንበትን ነጥብ ትተን ከምሥራቁ የምዕራቡን ብንቀንስ ልዩነቱ 18 ሜትር ነው፣ ርቀቱም 60 ሜትር፤ ዳገቱ 0.3። ይህ ግምት ሳይሆን ልኩ ነው። የፊቱ ጉድለትና የኋላው ትርፍ እኩል ስለሆኑ ተጣፍተዋል። ወደ ሰሜንም እንዲሁ ብናደርግ 2567.7 ሲቀነስ 2543.7 ይሆናል 24 ሜትር፤ ለ60 ሲካፈል 0.4። እንግዲህ ግራዲየንታችን (0.3, 0.4) ነው።

አሁን ጥያቄው ይምጣ። ወደ ምሥራቅ e፣ ወደ ሰሜን n የሚያህል አጭር እርምጃ ብንራመድ ስንት እንወጣለን? መልሱ 0.3e + 0.4n ነው። ምሥራቁ የራሱን ድርሻ ይሰጣል፣ ሰሜኑም የራሱን፣ ሁለቱ ይደመራሉ። እንዲህ ተራ ድምር መሆኑ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው ግን በዚህች ድምር ላይ ስለሆነ ወደ በኋላ እንመለስባታለን። ለጊዜው እንመናት።

ሁሉንም አቅጣጫ እኩል ለመዳኘት የእርምጃው ርዝመት ሁልጊዜ አንድ ሜትር ይሁን፤ ማለትም e² + n² = 1። በዚህ ልክ ውስጥ 0.3e + 0.4n ከሁሉ የሚበልጠው መቼ ነው? መጻሕፍቱ ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ኮሳይን አውጥተው ሥራውን በአንድ ትንፋሽ ይጨርሱታል። ስህተት የለበትም። እኔ ግን ሌላውን መንገድ እመርጣለሁ፤ ክሩ የሚታየው በዚያኛው ነው። ከ0.3e + 0.4n ጎን ሁለቱን ቁጥሮች አቀያይረንና አንዱን ምልክት ገልብጠን 0.4e − 0.3n የሚል ጓደኛ እንሥራለት። ከዚያ የሁለቱን ካሬ እንደምር፦

(0.3e + 0.4n)² + (0.4e − 0.3n)² = 0.25(e² + n²) = 0.25

ቅንፎቹን የፈታ ሰው በመጀመሪያው ውስጥ +0.24en፣ በሁለተኛው ውስጥ −0.24en ያገኛል፤ ተጠፋፍተው ይሄዳሉ። የሚቀረው የካሬዎች ድምር ብቻ ነው፤ እሱም ወደ የትኛውም አቅጣጫ ብንዞር የማይለወጥ 0.25። እንግዲህ አንድ የተወሰነ ሀብት ለሁለት ወራሾች ይከፈላል ማለት ነው። የመጀመሪያው ወራሽ የምንወጣው ከፍታ ነው። እሱ ሁሉንም እንዲወስድ ሁለተኛው ባዶ መሆን አለበት፤ 0.4e = 0.3n፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ ሦስት ስንሄድ ወደ ሰሜን አራት። ይህ ራሱ የግራዲየንቱ አቅጣጫ ነው፤ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 37 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። በዚያ አቅጣጫ የሚገኘው ዳገት የ0.25 ካሬ ሥር ነው፤ 0.5። በአንድ ሜትር 50 ሳንቲ ሜትር፤ ከዚህ የሚበልጥ ዳገት በዚህ ነጥብ ላይ የለም። ሁለተኛው ሁሉንም ሲወስድ ደግሞ የመጀመሪያው ባዶ ይሆናል፤ ምሥራቅ አራት፣ ደቡብ ሦስት። ይህ አግድሙ ነው፣ የእኩል ከፍታ መስመሩ፣ ካርታ ሠሪዎች ኮንቱር የሚሉት። ከፊተኛው ጋር የሚሠራውም ማዕዘን ትክክል 90 ዲግሪ ነው። እኩልታው አንድ ሲሆን ሦስት ነገር ሰጠን፤ ዳገቱ የሚበረታበትን አቅጣጫ፣ የብርታቱን ልክ፣ ኮንቱሩም ለዚያ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ተሻጋሪ መሆኑን። ለዚህ ሁሉ የተከፈለው ዋጋ አንድ የምልክት መገልበጥ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አናቱ የሚገኘው ወዴት ነው? ከቆምንበት 150 ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ 100 ሜትር ወደ ሰሜን፤ ከሰሜን 56 ዲግሪ ያህል። ግራዲየንቱ ግን 37 ዲግሪ ነው የሚለው። ወደ 20 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አለ። ዳገቱ የሚበረታበት አቅጣጫ ወደ አናቱ አያነጣጥርም ማለት ነው። አይኖርበትምም፤ ግራዲየንት አናቱ የት እንዳለ አያውቅም፣ የሚያውቀው እግር ሥር ያለውን መሬት ብቻ ነው። ወደ አናቱ ፊት ለፊት ብንሄድ ዳገቱ 0.47 ይሆናል፤ ከ0.5 ጥቂት የለዘበ።

ታዲያ በየእርምጃው ቆም እያልን፣ ግራዲየንቱን እንደገና እየጠየቅን፣ ሁልጊዜ በብርቱው አቅጣጫ ብንወጣ የት እንደርሳለን? በዚህ ኮረብታ ላይ መንገዱ ተሠልቶ ይወጣል፤ y = −x²/225 የሚል ጥምዝ ነው። ከቆምንበት ተነስቶ ከአናቱ በስተ ምዕራብ 75 ሜትር፣ በስተ ደቡብ 25 ሜትር ርቆ ባለው ነጥብ ያልፋል፤ ከዚያ 30 እና 4 ሜትር ርቆ ባለው። ወደ ላይ በቀረበ ቁጥር እየተጠመዘዘ ሸንተረሩን ተከትሎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አናቱ ላይ ይደርሳል። መጀመሪያ ወደ ሰሜን ያለውን ብርቱ ዳገት አጥብቆ ይወጣና፣ ያ ሲያልቅለት የተጋደመውን ጀርባ ይይዛል። ከሰሜን ወይም ከደቡብ በቀጥታ በy መስመር ላይ ከሚመጡት ሁለት መንገዶች በቀር፣ የዚህ ኮረብታ ብርቱ መንገዶች ሁሉ አናቱ የሚደርሱት በሸንተረሩ በኩል ነው። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1870 እ.ኤ.አ. ስለ ኮረብቶችና ሸለቆዎች በጻፈው አጭር ጽሑፍ መሬትን በእነዚህ መስመሮች ሸንሽኖ አይቶታል። በኤሌክትሪክና በማግኔት ቀመሮቹ የሚታወቅ ሰው ውኃ በየት በኩል እንደሚወርድ ቁጭ ብሎ ማሰቡ ደስ ይላል።

ወደ ቆምንበት ነጥብ እንመለስና አንድ ተግባራዊ ነገር እንይ። ግራዲየንቱ 0.5 ከሆነ፣ ከሱ በተወሰነ ማዕዘን ዘንበል ባለ አቅጣጫ የሚገኘው ዳገት 0.5 ሲባዛ በማዕዘኑ ኮሳይን ነው። ከብርቱው አቅጣጫ 5 ዲግሪ ብንስት የምናጣው በሜትር 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እግር አይሰማውም፣ ተራ መሣሪያም አይለየውም። ከኮንቱሩ 5 ዲግሪ ብንስት ግን ዜሮ መሆን የነበረበት ዳገት በሜትር 44 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ያው ስህተት ነው፤ አንዱ ጋ ሁለት፣ ሌላው ጋ አርባ አራት። ኮሳይን አናቱ ላይ ድንዙዝ ነው፣ ዜሮን ሲያቋርጥ ግን ስለታም።

የእርከን ሠራተኛ ይህን በእጁ ያውቀዋል። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ከገበሬው ጋር እርከን ሲቀይሱ ሁለት እኩል ዘንግ፣ በመካከላቸው የተወጠረ 10 ሜትር ሲባጎ፣ ሲባጎው መሐል የተንጠለጠለች የውሃ ልክ ይይዛሉ። አንዱ ዘንጉን ተክሎ ይቆማል፤ ሌላው የውሃ ልኳ አረፋ መሐል እስክትገባ ዘንጉን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። እየሠሩት ያለው ነገር የአቅጣጫ ዴሪቫቲቩ ዜሮ የሚሆንበትን አቅጣጫ መፈለግ ነው። በዓይን ግምት ቢሠራና 5 ዲግሪ ቢሳት፣ እንደኛ ባለ ጎን ላይ 50 ሜትር እርከን ጫፍ ለጫፍ 2 ሜትር ከፍታ ይለያያል፤ ዝናቡ ሲመጣ ውኃው እርከኑን ተከትሎ ወደ ዝቅተኛው ጫፍ ይሮጥና እዚያ ይደረምሰዋል። የኮንሶ ሰዎች በድንጋይ የካቧቸው እርከኖች፣ በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት፣ ጎን ለጎን ታጥፈው ተራራውን ሲዞሩ የሚታዩት ለዚሁ ነው፤ ኮንቱር ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ እርከኑም ቀጥ ብሎ እንዲሄድ አልተገደደም።

ከዚህ የሚወጣ ዘዴ አለ። ብርቱውን አቅጣጫ ማግኘት የፈለገ ሰው ብርቱውን መፈለግ የለበትም። ድንዙዝ ስለሆነ ወዲያና ወዲህ ያባክነዋል። አግድሙን በውሃ ልክ ያግኝ፣ ከዚያ 90 ዲግሪ ይዙር። ስለታሙን ለክቶ ድንዙዙን ማግኘት።

መንገድ ቀያሽ ደግሞ ሁለቱንም አይፈልግም፤ መካከሉን ነው የሚፈልገው። ተራ መኪና 50 በመቶ ዳገት አይወጣም፣ በአግድሙም ቢሄድ የትም አይደርስም። 10 በመቶ ይበቃኛል ቢል 0.5 ሲባዛ ኮሳይን 0.1 እንዲሆን ከብርቱው አቅጣጫ 78 ዲግሪ ተኩል መዞር አለበት፤ ከኮንቱሩ 11 ዲግሪ ተኩል ብቻ ቀና ማለት ነው። አቅጣጫው በግራም በቀኝም አለ፤ ስለዚህ አንዴ በግራ ይሄድና ቦታው ሲያልቅበት በቀኝ ይታጠፋል። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ የቀየሱት የሊማሊሞ መንገድ ከደባርቅ ቁልቁል ሲወርድ እንደዚያ የሚጠማዘዘው በዚህ ሒሳብ ነው። 10 ሜትር ከፍታ ለማግኘት በብርቱው አቅጣጫ 20 ሜትር አግድም ርቀት ይበቃ ነበር፤ በዚህ ግን 100 ሜትር ይፈጃል።

አሁን ወደዚያች ድምር። 0.3e + 0.4n ትክክል ነው ብለን በእምነት አልፈናል። እንፈትናት። በብርቱው አቅጣጫ 10 ሜትር ብንራመድ፣ 6 ወደ ምሥራቅና 8 ወደ ሰሜን፣ ድምሩ 5 ሜትር ትወጣለህ ይላል። ኮረብታው በእውነት የሚሰጠን 4.836 ሜትር ነው፤ 16.4 ሳንቲ ሜትር ጎደለ። አንድ ሜትር ብቻ ብንራመድስ? ድምሩ 50 ሳንቲ ሜትር ይላል፤ የሚጎድለው 1.64 ሚሊ ሜትር ነው። እርምጃው በ10 ሲያንስ ስህተቱ በ100 አነሰ። የቋጠሮው ቦታ ይህ ነው። ግራዲየንት የሚሠራው ከእርምጃው ይልቅ ስህተቱ ቶሎ ስለሚያንስ ነው፤ ወደ ነጥቡ እየተጠጋን ስናየው ኮረብታው ዝርግ ሰሌዳ ይመስላል፣ ዝርግ ሰሌዳ ደግሞ ሁለት ዳገት ከታወቀለት ሁሉም ይታወቅለታል። ገጹ እንዲህ ሲሆን ዲፈረንሺየብል ነው ይባላል።

እንዲህ የማይሆን ገጽ አለ? አለ፤ ለዚያውም የዋህ የሚመስል። ይህን ተመልከቱ፦

f = x²y / (x² + y²)

መነሻው ላይ ከፍታው ዜሮ ነው እንበል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ብንሄድ y ዜሮ ስለሆነ ከፍታው ዜሮ ሆኖ ይቀጥላል። ወደ ሰሜን ብንሄድም x ዜሮ ነው፤ ያው ዜሮ። ሁለቱ ልኬቶቻችን (0, 0) አሉ። በእነሱ የሚያምን ሰው መሬቱ በሁሉም አቅጣጫ ሜዳ ነው ብሎ ይፈርማል። ግን በምሥራቅና በሰሜን መካከል፣ በ45 ዲግሪ፣ አንድ ሜትር ቢራመድ 35 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። ግማሽ ሜትር ቢራመድ የዚያን ግማሽ፤ አንድ ሚሊ ሜትር ቢራመድ የሚሊ ሜትሩን 35 በመቶ። የቱንም ያህል ቢጠጉት ገጹ ያው ነው፣ እጥፋቱ አይፈታም፣ ዝርግ ሰሌዳ አይሆንም።

ይበልጥ የሚገርመው ሌላው ነው። በዚህ ገጽ ላይ ዳገቱ የሚበረታበት አቅጣጫ ሁለት ነው። አንዱ ከምሥራቅ ወደ ሰሜን 35 ዲግሪ ከፍ ይላል፣ ሌላው የሱ አምሳያ ሆኖ በምዕራብ በኩል። በሁለቱም ዳገቱ 0.385 ነው፤ መሐላቸው ላይ፣ ፊት ለፊት ወደ ሰሜን፣ ዜሮ። አንድ ቀስት ሁለት አቅጣጫ ማመልከት አይችልም፤ ስለዚህ ግራዲየንቱ እዚያ ቢዋሽ አይፈረድበትም፣ ያልተሠራለትን ሥራ ነው የጠየቅነው። በየአቅጣጫው ያለው ዳገት ግን አንድም አልጎደለም፤ ሁሉም አለ፣ ሁሉም ይለካል። የጎደለው በመካከላቸው ያለው ስምምነት ነው። ማወቂያውም ቀላል ነው፦ ሦስተኛ አቅጣጫ መርጦ መለካትና ሁለቱ ከተነበዩት ጋር ማስተያየት። ካልገጠመ፣ እርምጃውን አሳንሶ እንደገና። አሁንም ካልገጠመ ችግሩ ልኬቱ ላይ አይደለም፣ ገጹ ላይ ነው።

እስካሁን ከፍታው በቀመር ተሰጥቶን ነበር። መሬት ቀመር የለውም። ያለን የከፍታ ሰንጠረዥ ነው፦ በ2000 እ.ኤ.አ. ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን በረራ በራዳር የለካችው፣ በየ30 ሜትሩ ገደማ አንድ ከፍታ የያዘ ካርታ። ቁጥሮቹ ሙሉ ሜትር ናቸው፣ ስህተትም አለባቸው። ከፍ ብለን ያደረግነውን፣ ከምሥራቁ ምዕራቡን መቀነስ፣ እዚህም ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን የምሥራቁ ቁጥር በ2 ሜትር ቢሳሳት ዳገቱ 0.3 መሆኑ ቀርቶ 0.333 ይሆናል።

በርቶልድ ሆርን በ1981 እ.ኤ.አ. በካርታ ላይ ተራሮችን በጥላ ስለማሳየት ሲጽፍ የተጠቀመበት ዘዴ ይህን ያለዝባል። ነጥቡን የከበቡትን ስምንት ጎረቤቶች ይወስዳል። በምሥራቅ በኩል ሦስት አሉ፤ የመካከለኛውን ሁለት ጊዜ፣ የጥጎቹን አንድ አንድ ጊዜ ይቆጥራል። በምዕራብም እንዲሁ። ከምሥራቁ ድምር የምዕራቡን ይቀንስና ለ8 እጥፍ የነጥቦቹ ርቀት ያካፍላል። ያው የ2 ሜትር ስህተት አሁን 0.317 ብቻ ያደርሰዋል። በየነጥቡ ያለው ስህተት አንዱ ከሌላው ጋር ካልተያያዘ፣ በውጤቱ ላይ የሚደርሰው መወላወል በሁለት ቁጥር ብቻ ከተሠራው ወደ 40 በመቶ ያንሳል፤ እንደኛ ባለ ኮረብታ ላይ ግን ትክክለኛውን መልስ ቅንጣት አይነካውም። ለዚህ ነው ዛሬ ብዙ የካርታ ሶፍትዌሮች ተዳፋት ሲያሰሉ ይህንኑ የሚጠቀሙት።

እንከኑም አብሮ ይታያል። መሐል ያለውን ነጥብ ጨርሶ አያየውም። አንድ ነጥብ ብቻውን ጉድጓድ ቢሆን ጎረቤቶቹ ይንጋደዳሉ፣ እሱ ራሱ ግን ምንም እንዳልሆነ ይቀመጣል። ሜዳ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እውነተኛው ዳገት በሜትር ግማሽ ሳንቲ ሜትር በሆነበት ቦታ የ60 ሜትሩ ልዩነት 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሙሉ ሜትር ብቻ የሚያውቅ ሰንጠረዥ ወይ ዜሮ ወይ አንድ ይለዋል። ቀስቱ ያኔ መሬቱን ሳይሆን የቁጥር ማጠጋጋቱን ያመለክታል። ካርታውን የሚያይ ሰው አቅጣጫዎቹ ወደ ሰሜን፣ ወደ ምሥራቅና በ45 ዲግሪ መስመሮች ላይ ተኮልኩለው፣ በመካከላቸው ባዶ ሆኖ ካገኘው ያን ክፍል አይመን። በጠቅላላው ርዝመቱ አጭር የሆነ ግራዲየንት ወዴት እንደሚያመለክት መጠየቅ ብዙም ፍሬ የለውም።

የመጨረሻው ወጥመድ ከሁሉ ይበልጥ የተደበቀ ነው። እነዚህ ሰንጠረዦች ነጥቦቹን የሚያስቀምጡት በሜትር አይደለም፣ በዲግሪ ክፍልፋይ ነው። ዲግሪው ከፍታው ወዳለበት ወደ ሜትር ካልተለወጠ የሚወጣው ውጤት አስቂኝ ነው፤ ኮረብታው ሁሉ ወደ 90 ዲግሪ የቀረበ ገደል ይሆናል። ይህ ስህተት ራሱን ያጋልጣል። የማያጋልጠው ግን ለምሥራቅም ለሰሜንም አንድ ዓይነት መለወጫ መስጠት ነው። የኬንትሮስ ዲግሪ ከምድር ወገብ በራቀ ቁጥር ይጠባል። በሰሜን ተራሮች አካባቢ፣ ከወገቡ 13 ዲግሪ ላይ፣ የሚጠበው 2.6 በመቶ ስለሆነ የኛ ቀስት አንድ ዲግሪ እንኳ አይዞርም። በ60 ዲግሪ ላይ፣ ኦስሎና ሄልሲንኪ ባሉበት ግድም፣ ግን ግማሽ ይሆናል፤ 0.3 የነበረው ምሥራቃዊ ዳገት 0.15 ሆኖ ይነበባል፣ ቀስቱም ከ37 ዲግሪ ወደ 21 ዲግሪ ይዞራል።

ልብ በሉ፣ ኮንቱሮቹ አልተነኩም። ከፍታው እኩል የሆነ ቦታ ርቀትን በምንም ብንለካ እኩል ነው። የዞረው ብርቱው አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ብርቱውን የወሰንነው «አንድ ሜትር የሚያህል እርምጃ» ብለን ነው፣ ሜትሩ በምሥራቅና በሰሜን እኩል ካልሆነ 90 ዲግሪውም 90 አይሆንም። መፈተሻውም ከዚሁ ይወጣል። ርቀትን በሁለቱም በኩል እኩል በሚያሳይ ካርታ ላይ ኮንቱሮቹን አትሙ፣ የተሰሉትን ቀስቶች በላያቸው ላይ አሳርፉ፣ ማዕዘን መለኪያ ያዙ። ቀስቱ ኮንቱሩን ቀጥ ብሎ ካልቆረጠው መለወጫው ተሳስቷል።